የሞሲሳ እጆች

እኔ ሌባ አልወድም። ማን ይወዳል ትሉኝ ይሆናል፤ የእኔ ግን ይብሳል። ሌላው ሰው ሲሰረቅ ይናደዳል፣ ይራገማል፣ ሰንበትበት ሲል ይተወዋል። እኔ አልተውም። በዚያ ላይ ስሜ ዘርፈሽ ነው። መቱ መናኸሪያው ፊት ለፊት የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አለኝ፤ ስሜን የሰማ አዲስ ደንበኛ ሁሉ «ማንን ዘርፈሽ?» ብሎ ይስቃል። ቀልዱን የፈጠረው እሱ ይመስለዋል።

የተዘረፍኩት ግን እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በቴሌግራም የላሚኔሽን ማሽን አዘዝኩ። ፎቶው ላይ ማሽኑ ያብረቀርቃል፤ የሻጩ ፕሮፋይል ላይ ደግሞ ክራባት ያሰረ፣ ፈገግ ያለ ሰው አለ። ማሽኑም አልመጣ፣ ሰውየውም ስልኩን አጠፋ። ስናደድ ከርሜ፣ ሞባይል የሚጠግነው ጎረቤቴ ሱፊያን «ፎቶውን ራሱን ለምን አትፈልጊውም?» አለኝ። ያኔ ነው ያወቅኩት። ቃል ጽፎ መፈለግን ሁሉም ያውቃል። ይሄኛው ፎቶውን ሰጥተሽው «ይሄንን የት የት አይተኸዋል?» ብለሽ የምትጠይቂው ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማሽኑ አንድ የቻይና ፋብሪካ ማስታወቂያ ላይ ተገኘ። ክራባት ያሰረው ሰው ደግሞ ብራዚል ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነው። ምስኪን፣ በፊቱ መቱ ድረስ ሰው እንደሚዘረፍበት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሱስ ሆነብኝ። «የኢሉባቦር ሸማች» የሚል ቻናል ከፈትኩ። ሰው የተጠራጠረውን ፎቶ ይልክልኛል፣ እኔ እፈልጋለሁ። የጫማ፣ የሶፋ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የባል። አዎ፣ የባልም። ጎሬ ያለች ሆሳዕና የምትባል ልጅ ካናዳ እኖራለሁ ያላትን እጮኛዋን ፎቶ ልካልኝ ስፈልገው ምንም አልመጣም። «አልተሰረቀም ማለት ነው» ብላ ደስ አላት። አልተገኘም ማለት አልተሰረቀም ማለት አይደለም አልኳት፤ ፈላጊው የሚያውቀው ዞሮ ያየውን ብቻ ነው። ፎቶውን ትኩር ብዬ ሳየው ካናቴራው ላይ ያለው ጽሑፍ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጧል። ግራውን ወደ ቀኝ መለስኩት፤ ከጎኑ ያለውን መኪና ቆርጬ ሰውየውን ብቻ አስቀረሁና እንደገና ሰጠሁት። እጮኛዋ የቱርክ ተዋናይ ሆኖ ቁጭ አለ። ሆሳዕና ሁለት ቀን አለቀሰች፣ በሦስተኛው ቀን መጥታ ቡና ጋበዘችኝ።

ሰው ሲያመሰግነኝ ልቤ አበጠ። ተከታዮቼ አሥራ አንድ ሺህ ሲሞሉ በኮምፒውተር አንድ ማኅተም ሠራሁ፤ ክብ፣ ቀይ፣ መሐሉ ላይ «ሌባ» የሚል። ፎቶ የሰረቀ ሲገኝ የራሱን ፎቶ አውጥቼ ፊቱ ላይ አትምበታለሁ። ሱፊያን «ይሄ እንኳ ይቅርብሽ» ብሎኝ ነበር። «አንተ ስክሪንህን ቀይር» አልኩት።

ሰኔ 2017 ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ «ጥላዬ የጫካ ማር» የሚባል የአዲስ አበባ ድርጅት ጻፈልኝ። ያዮ ያለች ገለኔ የምትባል ሴት የማራችንን ፎቶ ሰርቃ በራሷ ብልቃጥ ላይ ለጥፋ መቱ ትሸጣለች ይላል። ብልቃጡን አውቀዋለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ያሉት ሱቆች ሁሉ ደርድረውታል። ፎቶው ላይ ሁለት የወንድ እጆች በኮባ ቅጠል ነጭ የማር እንጀራ ይዘዋል። ከኋላ ጫካ አለ። ፊት የለም፣ እጅ ብቻ። ጥሩ ፎቶ ነው፣ ሲያዩት ያስርባል። ጥሩ መሆኑ ራሱ አጠራጠረኝ፤ የያዮ ማር ሻጭ እንዲህ ያለ ፎቶ ከየት ታመጣለች ብዬ። አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ አንዱ ይሄ ነው። ቆንጆ ነገር ከያዮ አይወጣም ብዬ ነው የጀመርኩት።

ፎቶውን ለጎግል ሌንስ ሰጠሁት። ሁለት ቦታ አገኘው። አንዱ የጥላዬ ድረ ገጽ ነው፤ ከፎቶው ሥር «በራሳችን ባለሙያ የተነሣ፣ ሰኔ 2012» ተብሎ በአማርኛ ተጽፏል። ሌላው የማላውቀው የፈረንጅ ቋንቋ የተጻፈበት ገጽ ነው። ሌንስ ማን እንደቀደመ አልነገረኝም። ስለዚህ ቲንአይ ወደሚባለው ሌላ ፈላጊ ሄድኩ፤ እሱ አንድን ፎቶ መጀመሪያ ያየበትን ቀን ይጽፋል። ጥላዬን ጨርሶ አያውቀውም። የፈረንጁን ገጽ ግን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የተገኘው ሜይ 3፣ 2017 ይላል።

2017። ዘንድሮ። ሜይ ማለት ያለፈው ወር ነው።

ቅደም ተከተሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ጥላዬ በ2012 አነሣው። ባለፈው ወር አንድ ፈረንጅ ገጹ ላይ ለጠፈው። አሁን ደግሞ ገለኔ ከአንዳቸው ቀድታ ብልቃጧ ላይ አደረገችው። ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት። ገለኔ ማሯን የምትሸጥበት የቴሌግራም አካውንት ላይ ፎቶዋ አለ፤ ነጠላ ለብሳ፣ በሁለት እጇ ብልቃጥ ይዛ፣ ፎቶ መነሣት እንዳልለመደ ሰው ቀጥ ብላ የቆመች የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት። ግንባሯ ላይ አተምኩባት።

ሱፊያን በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን እያየ «የፈረንጁን ገጽ ከፍተሽ አይተሽዋል?» አለኝ።

«ቋንቋውን አላውቀውም።»

«መክፈት ግን ትችያለሽ።»

«ቀኑ በቂ ነው» አልኩት።

ማክሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ ራሷ መጣች። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ወረፋ የያዙ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱም ሳይናገራት ሦስቱም መንገድ ለቀቁላት። ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ በኦሮምኛ «ሀቱ ናን ጄቴ» አለች። ሌባ አልሽኝ ማለቷ ነው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አዴ ገለኔ፣ ይቀመጡ» አልኳት፣ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ደንበኛ ፊት ጨዋ ነኝ።

«አልቀመጥም። አኒ ሂን ሃንኔ። አልሰረቅሁም። ይሄ እጅ የባሌ የሞሲሳ እጅ ነው።»

«እጅ ሁሉ እጅ ነው፣ አዴ።»

ያልኩት ይሄን ነው። ሰዎቹ ሳቁ፤ ሲስቁ ደስ አለኝ።

እሷ አልሳቀችም። ሞሲሳ ማር ቆራጭ እንደነበረ፣ ጫካውን የሚያጠና አንድ ፈረንጅ ያዮ ከርሞ ከእሱ ጋር ጫካ ይገባ እንደነበረ ነገረችኝ። ፈረንጁ ፎቶ ላንሣህ ሲለው ሞሲሳ የዚያን ቀን ንብ ነድፎት ፊቱ አብጦ ስለነበር «ፊቴን ተወው፣ እጄን አንሣ» እንዳለው። ሌላ ፎቶ የለውም አለች። የመታወቂያው ፎቶ እንኳ ከእሱ ጋር ተቀብሯል፤ ኪሱ ውስጥ መሆኑን የሰማችው ከቀብር በኋላ ነው። ከዚያ ከጡቷ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ፈረንጁ አሳጥቦ የላከላት ነው። ያው ፎቶ ነው፣ ጠርዙ ለስልሷል። ገለበጥኩት። በእስክሪብቶ «ሞሲሳ፣ ያዮ፣ ኤፕሪል 2017» ይላል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል።

እስቲ አስቡት። ማስረጃዋን በእጄ ይዣለሁ። እኔ ግን ያየሁት ቁጥሩን ነው።

«ባለቤትዎ መቼ ነው ያረፉት?» አልኳት።

«ጥር 2012።»

«እንግዲያው በ2012 የሞተ ሰው በ2017 እንዴት ማር ይቆርጣል?» ፎቶውን ገልብጬ ለወረፋው አሳየሁ። «ይኸው፣ ኤፕሪል 2017፣ የዘንድሮ ሚያዝያ። ራስሽ ያመጣሽው ወረቀት ነው የሚመሰክርብሽ።»

«እርስዎ» ማለቱን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ገለኔ ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ጀርባው ላይ ስሙ እንዳለ እንጂ ሌላው ምን እንደሚል አታውቅም። ለአንድ አፍታ፣ ይሄን አልረሳውም፣ ራሷን ተጠራጠረች። ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ቀና አለች።

«አርባ ሁለት ሴቶች ነን፣ ማር ማኅበር አለን፣ ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ። ሱቆቹ ማራችንን መለሱ። እሑድ ተሰብስበው ሊያወርዱኝ ነው። ማውረዱስ ይሁን። ግን ሞሲሳ ያዮ ውስጥ የሰው ዕቃ ነክቶ አያውቅም፤ አሁን ሚስቱ ሌባ ናት፣ እጁም የእሱ አይደለም ተባለ። ስምሽ ዘርፈሽ ነው አሉኝ። ልክ ነው።»

ይሄን ብላ ፎቶዋን በላስቲኩ መልሳ ጠቅልላ ወጣች። እኔ ማታ ድረስ በንዴት ስንጨረጨር ዋልኩ። ያናደደኝ ሌባ ሆና እንዲህ ቀና ብላ መናገሯ ነበር። ቻናሉ ላይ ጨመርኩበት፤ «በሞተ ባሏ የምትነግድ» ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ሺህ ሰው አየው።

ሐሙስ ጧት ጋሼ ገብረ መስቀል መጡ። ጡረታ የወጡ የጎሬ መምህር ናቸው፤ ውጭ ለሚማር ልጃቸው የትምህርት ማስረጃ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ እንዲጻፍ ፈልገው ነው። ይሄ የየቀን ሥራዬ ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የምርቃት ቀን ከእኛ ወደ ፈረንጅ እቀይራለሁ፤ ጣቶቼ ሳላስብ ነው የሚሠሩት። ጋሼ እያነበቡልኝ እጽፋለሁ።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀበት፣ ግንቦት 2009።»

ጣቶቼ «ሜይ 2017» ብለው ጻፉ።

አየሁት። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ጋሼ ገብረ መስቀል «ተሳሳትኩ እንዴ?» አሉኝ። አልተሳሳቱም። ጣቶቼም አልተሳሳቱም፣ እነሱ ሁሌም ያውቁ ነበር። ግንቦት 2009 ሜይ 2017 ነው፤ ልጅ እንኳ ሰባት ስምንት ዓመት ደምሮ ያውቀዋል። ያ ፈላጊ የፈረንጅ መሣሪያ ነው፤ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሌላ በምን ይጻፍ? እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ በየደብዳቤው ራስጌ 2017 ስጽፍ ከርሜ፣ ቁጥሩን ሳየው ዘንድሮ ሆነብኝ። በጥላዬ ገጽ ላይ ያለው 2012 የእኛ ነው፤ በፈረንጅ 2020። የፈረንጁ ገጽ ከጥላዬ ሦስት ዓመት ይቀድማል። ከሞሲሳ ሞት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ይቀድማል።

ጋሼን ይቅርታ ጠይቄ ያንን ያልከፈትኩትን ገጽ ከፈትኩት። ጀርመንኛ ነው። ስልኬ ተረጎመልኝ። ሰውየው ስለ ያዮ ጫካ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ዝንጀሮዎቹ ጽፏል። ከፎቶው ሥር ሁለት መስመር አለ፤ «ሞሲሳ፣ ማር ቆራጭ። ንቦቹ ፊቱን ስላሳበጡት እጆቹን ብቻ እንዳነሣ ጠየቀኝ።»

የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ሱፊያን ክፈቺው ብሎኛል። ሴትየዋ ራሷ ቃል በቃል ነግራኛለች። እኔ ሌባ የምጠላ ሴት፣ ዓይኔ እያየ፣ የሰው ስም ዘርፌ ለዘጠኝ ሺህ ሰው አከፋፈልኩ። ያን ቀን በራሴ ላይ የተናደድኩትን ያህል በላሚኔሽኑ ሌባ እንኳ አልተናደድኩም። ጋሼ ገብረ መስቀል ውኃ አምጥተው አጠጡኝ፤ የታመምኩ መስሏቸው ነው።

ለጥላዬ ደወልኩ። ያነሣው ሰው ድምፁ ማር ነው። «እህቴ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ፎቶ የማንም ነው» አለኝ።

«በራሳችን ባለሙያ የተነሣ ብላችሁ ጽፋችኋል እኮ።»

«እሱ የማስታወቂያ አጻጻፍ ነው።»

«ታዲያ ሴትየዋን ለምን ከሰሳችኋት?»

«እሷ ስትጠቀምበት ደንበኛ ግራ ይጋባል» አለኝና ዘጋው። መልሼ ስደውል አግዶኛል። ስድብ በሆዴ ሞልቶ የምሰድበው አጣሁ። የሰረቀው እሱ ነው፤ ግንባሯ ላይ ያተመው ግን እኔ ነኝ፤ እኔ ባልኖር ኖሮ የእሱ ክስ አንድ መልእክት ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለቱንም ጽሑፎች አጠፋሁ። ማስተካከያ ጻፍኩ፤ እንዴት እንደተሳሳትኩ፣ ቀኖቹን ከነአቆጣጠራቸው፣ የጀርመኑን ገጽ ከነአድራሻው። ሌባ ያልኩበትን ዘጠኝ ሺህ ሰው አይቶት ነበር። ማስተካከያውን ግን እስከ ማግስቱ ያየው ስድስት መቶ አልሞላም። ሰው ሌባ ሲባል ይሮጣል፣ ሌባ አይደለችም ሲባል ማን ይሮጣል?

እሑድ ጧት በሚኒባስ ያዮ ወረድኩ። ዝናብ አድሮበት ከከተማው እስከ ማኅበሩ ግቢ ያለውን መንገድ ባጃጅ እምቢ አለኝ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። ሴቶቹ የማር ማጣሪያው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ገለኔ ጥግ ላይ ናት፤ የሰብሳቢዋ ወንበር ላይ ሙላቷ የምትባል ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ስገባ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ቆሜ ተናገርኩ። ኦሮምኛዬ ለገበያ እንጂ ለንስሐ የሚሆን አይደለም፤ እየደባለቅኩ ነው። አዴ ገለኔ አልሰረቁም አልኩ። ፎቶው የሞሲሳ ነው፣ ስሙ ተጽፎበታል፤ የተነሣው የእኛ ሚያዝያ 2009 ነው፣ ያኔ ሞሲሳ በሕይወት ነበር። የሰረቀው ያ ድርጅት ነው። እኔ የፈረንጁን ዘመን በእኛ ዘመን አንብቤ፣ ገጹን ሳልከፍት፣ እሳቸው ሲነግሩኝ ሳልሰማ አዋረድኳቸው። የጀርመኑን ገጽ በስልኬ ከፍቼ በየተራ አሳየሁ። የሚያነቡት ሞሲሳ የሚለውን አንብበው ለማያነቡት ነገሯቸው። አንዲት አሮጊት የስልኩን መስታወት በጣታቸው ነክተው «እጁ ነው» አሉ።

ሙላቷ ከወንበሩ ተነሣች። ገለኔ ግን ከጥጓ አልተንቀሳቀሰችም።

«እግርዎ ሥር ልውደቅ» አልኳት፤ ጎንበስም አልኩ።

«ተይ፣ ጭቃ ነው» አለች። ከዚያ ሙላቷን «ያንን አሳዪያት» አለቻት።

ሙላቷ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ሌላ ቻናል ነው፣ የኔ አይደለም። የገለኔ ፎቶ አለ፤ ነጠላዋ፣ ብልቃጡ፣ ግንባሯ ላይ ቀዩ ማኅተሜ። ከሥሩ ስለ ማር ሳይሆን ስለ ቡና ሌቦች ተጽፏል። በደሌ ከተማ ተያዘች ይላል።

«የኔን አጥፍቼዋለሁ» አልኩ። ስናገረው ለራሴም ቀለለብኝ።

«ያንቺ መሣሪያ ፎቶ የት የት እንዳለ ያሳያል አላልሽም?» አለች ገለኔ። «ይሄን ስጪው። እኔን ፈልጊኝ።»

እዚያው ቆሜ ፈለግኳት። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው፤ አርባ ሁለት ሴቶች ጠበቁ። ሦስት ቦታ መጣች። አንዱ ወሬ የሚለጥፍ ድረ ገጽ ነው፤ ስሟን «የማር አጭበርባሪዋ» ብሎታል። ሁለተኛው የሱን ቀድቶታል። ሦስተኛው ማኅተሜን ብቻ ወዶት ነው፤ ስለ ሌላ ሰው በሌላ ከተማ ለተጻፈ ወሬ ጌጥ አድርጎታል። ስንት ሰው ፎቶ ሰርቋል ብዬ አጋልጫለሁ፤ ይሄኛውን ፎቶ ሠርቶ የለቀቀው ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ፈላጊ አያስፈልግም።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«ቴሌግራም ላይ ያለውስ? ሙላቷ ያሳየችሽ ከሦስቱ ውስጥ ነው?»

«አይደለም። እዚያ ውስጥ ገብቶ አያይም። የሰው ስልክ ውስጥ ያለውንም አያይም።»

ገለኔ ተነሥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ የማኅበሩን ጉዳይ ልትቀጥል መስሎኝ ነበር። «በየቀኑ ትፈልጊኛለሽ» አለችኝ። «ያገኘሽበት ቦታ ሁሉ ጽፈሽ ታስነሺያለሽ። ከዚያ ትደውዪልኛለሽ። ይቅርታሽን አልፈልገውም፣ ይሄን ነው የምፈልገው።»

ይኸው አምስት ወር ሆነ። ማኅተሙን አጥፍቼዋለሁ። በየጧቱ ሱቄን ስከፍት የመጀመሪያ ሥራዬ ያቺን ሴት መፈለግ ነው። እንዳለች እፈልጋታለሁ፤ ገልብጬ እፈልጋታለሁ፤ ማኅተሙን ቆርጬ ፊቷን ብቻ እፈልጋታለሁ። ከሦስቱ ሁለቱ ከብዙ ልመና በኋላ አነሡት። አንዱ መልስ አልሰጠኝም። በነሐሴ ሁለት አዲስ መጡ፣ በጥቅምት አንድ። ዛሬ ጧት ምንም የለም። ያ መልስ ያልሰጠኝ እንኳ ገጹ ተዘግቷል።

ደወልኩላት።

«ዛሬ አልተገኘም፣ አዴ» አልኳት።

«ጠፋ ማለት ነው?»

እሺ ጠፋ ለማለት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ሆሳዕናን ደስ ባላት ጊዜ ያልኳትን ለዚህች ሴት መንፈግ አልቻልኩም።

«አይደለም» አልኳት። «ፈላጊው አላየውም ማለት ብቻ ነው።»

«እሺ» አለች ገለኔ። «ነገ ደውዪ።»